ቪፒኤኑ ተገናኝቷል፣ የቢሮው ኮምፒውተር ግን አይከፈትም፦ የቤት ራውተርን የአድራሻ ክልል መቀየር

ችግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው። ከቤት ሆኖ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባው ቪፒኤን ተገናኝቷል፤ ምልክቱ አረንጓዴ ነው። ኢንተርኔቱም ይሠራል። የቢሮውን ኮምፒውተር ለመክፈት ሲሞከር ግን ምንም የለም። የቢሮው የአይቲ ልጅ ሲደወልለት «በእኛ በኩል ሰላም ነው፣ ሌሎቹ እየገቡ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። እናንተም ያበላሻችሁት ነገር የለም። የቤታችሁና የቢሯችሁ ኔትወርክ አንድ ዓይነት የአድራሻ ክልል ይዘው ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው የቤቱን ራውተር ክልል መቀየር ነው። እንደ ምሳሌ ልደታ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት የሒሳብ ሠራተኛን እንውሰድ። ቢሮዋ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የምትሠራበት የሒሳብ ፕሮግራም ፒችትሪ የተጫነው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን አድራሻው 192.168.1.20 ነው። ወር መጨረሻ ላይ ማታ ማታ ከቤት መሥራት ስለሚኖርባት ቢሮው ቪፒኤን ሰጥቷታል። በቪፒኤን ትገባና በሪሞት ዴስክቶፕ ያንን ኮምፒውተር ትከፍታለች፤ ዕቅዱ ይህ ነበር።

በነገራችን ላይ የፒችትሪን ፋይል በቪፒኤን ጎትቶ ከቤት ኮምፒውተር ላይ መክፈት ጥሩ አይደለም። መሥመሩ መሀል ላይ ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ግን ፕሮግራሙ የሚሠራው እዚያው ቢሮ ስለሆነ መሥመር ቢቋረጥ ተመልሶ መግባት ብቻ ነው።

ለምን ይጋጫሉ?

ለቤትና ለቢሮ ኔትወርክ ማንም ሳያስፈቅድ እንዲጠቀምባቸው የተለዩ ሦስት የአድራሻ ክልሎች አሉ። የተዘረዘሩት እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው አርኤፍሲ 1918 በተባለው ሰነድ ነው።

```
10.0.0.0     -  10.255.255.255
172.16.0.0   -  172.31.255.255
192.168.0.0  -  192.168.255.255
```

ቦታው ሰፊ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ተደርገው ነው። ገዝቶ የሚሰካው ሰው አይነካውም። ቢሮውን የዘረጋው ባለሙያም ብዙ ጊዜ አይነካውም። ሁለቱ ለየብቻቸው እስካሉ ድረስ ምንም ችግር የለም። ቪፒኤን ሲያገናኛቸው ነው ጣጣው የሚጀምረው።

የቤት ቁጥር 120 ልደታም አለ፣ አራዳም አለ እንበል። የሰፈሩን ልጅ «ይህን 120 አድርስልኝ» ካላችሁት ሳይጠይቅ የራሱ ሰፈር 120 ጋ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንን ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ቤት ውስጥ 192.168.1.7 የሚል አድራሻ አለው፣ ማስኩ ደግሞ 255.255.255.0 ነው። ይህ ማስክ «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከእኔ ጋር አንድ ከሆኑ እዚሁ ቤት ነው» ማለት ነው። 192.168.1.20ን ክፈት ሲባል ሦስቱን ቁጥሮች ያያል፣ አንድ ናቸው፣ ስለዚህ በዋይፋዩ ላይ «20 ማነው?» ብሎ ይጣራል። ቤት ውስጥ 20 የሚባል የለም። ማንም አይመልስም። ጥያቄው በቪፒኤኑ ውስጥ ጨርሶ አላለፈም።

አንዳንድ የቪፒኤን ፕሮግራሞች ደግሞ ቅድሚያውን ለራሳቸው ይወስዳሉ። ያኔ ቢሮው ይከፈታል፣ የቤቱ ፕሪንተር ግን ቪፒኤኑ በበራ ቁጥር ይጠፋል። በሽታው ያው ነው፤ የሚጎዳው ጎን ብቻ ነው የተለየው።

መጀመሪያ ይህ መሆኑን አረጋግጡ

ራውተሩን ከመንካት በፊት አምስት ደቂቃ ለምርመራ ስጡ። ቪፒኤኑን አጥፉ። ዊንዶውስ ላይ `cmd` ብላችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

```
ipconfig
```

ከሚወጣው መካከል የዋይፋዩን ክፍል ፈልጉ። በእኛ ምሳሌ እንዲህ ይላል፦

```
IPv4 Address. . . : 192.168.1.7
Subnet Mask . . . : 255.255.255.0
Default Gateway . : 192.168.1.1
```

መጨረሻ ላይ ያለው `Default Gateway` የቤታችሁ ራውተር ነው። አሁን የቢሮውን ኮምፒውተር አድራሻ ከአይቲው ጠይቁ። 192.168.1.20 ነው ካላችሁ ሦስቱ ቁጥሮች ገጥመዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቪፒኤኑ ሲበራ ለላፕቶፑ ሌላ ተጨማሪ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ 10.8.0.6። ሰው ይህን ያይና «ከቤቴ ጋር አይገጥምም፣ ግጭት የለም» ይላል። የቪፒኤኑ የራሱ አድራሻ መተላለፊያው ነው። ማወዳደር ያለባችሁ የቤቱን ክልል ከቢሮው ክልል ጋር ነው።

ቀጥሎ ቪፒኤኑን አብርታችሁ፣ ያ ኮምፒውተር ይመልስ እንደሆነ የሚጠይቀውን የፒንግ ትእዛዝ ሞክሩ፦

```
ping 192.168.1.20
```

ግጭት ካለ መልሱ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

```
Reply from 192.168.1.7: Destination host unreachable.
```

መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነ እዩ። 192.168.1.7 የራሷ ላፕቶፕ ነው። «እዚህ ቤት ፈልጌ አጣሁት» እያለ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር የራሳችሁን አድራሻ ይዞ ከመጣ ግጭቱ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው። `Request timed out` ብቻ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። የቢሮው ኮምፒውተር ፋየርዎል ፒንግን ስለሚከለክል ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሚያደናግር ሦስተኛ ሁኔታም አለ። ቤት ውስጥ ያለ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ በአጋጣሚ 192.168.1.20 ይዞ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፒንጉ ይመልሳል፣ ሪሞት ዴስክቶፑ ግን አይከፈትም። የመልሱን ጊዜ ከቪፒኤኑ ውጪ ካለው ጋር አነጻጽሩት። ቪፒኤኑ ጠፍቶም ያው አድራሻ በዚያው ፍጥነት ከመለሰ፣ የሚመልሰው ቤት ያለ ዕቃ ነው።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩ። የስልክ ሆትስፖት የሚሰጠው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ክልል ነው፤ አይፎን ለምሳሌ በ172.20.10 የሚጀምር ይሰጣል። ላፕቶፑን በሆትስፖቱ አገናኙ፣ ቪፒኤኑን አብሩ፣ የቢሮውን ኮምፒውተር ክፈቱ። ከተከፈተ ጥፋቱ የቪፒኤኑም የቢሮውም አይደለም። ለአንድ ሙከራ የሚሄደው ዳታ ትንሽ ነው። በሆትስፖትም ካልተከፈተ ከዚህ በታች ያለው አይጠቅማችሁም፤ ወደ አይቲው ተመለሱ።

የቱን እንቀይር?

የቤቱን። ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ የአሻራ መቆጣጠሪያና ሌላም ሌላም አሮጌውን አድራሻ ይዞ ተቀምጧል። እዚያ መቀየር የአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው። ቤት ግን ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ቢበዛ አንድ ፕሪንተርና አንድ የካሜራ መቅጃ ነው።

አዲሱን ክልል ስትመርጡ ሰው የማይመርጠውን ምረጡ። 192.168.0፣ 192.168.1 እና 192.168.100 በየቤቱ አሉ። 192.168.8 በሁዋዌ ተንቀሳቃሽ ዋይፋዮች፣ 192.168.88 በማይክሮቲክ የተለመዱ ናቸው። ከእነዚህ አምልጡ። በ10 የሚጀምረውንም ለቤት አልመክርም፤ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ይህንን ነው። ነገ ሥራ ብትቀይሩ ችግሩ ሊመለስ ይችላል።

ለምሳሌያችን 192.168.73ን እንውሰድ። በ73 ፋንታ፣ አምልጡ ካልኳቸው በስተቀር፣ ከ0 እስከ 255 ያለ ሌላ ቁጥር ቢሆንም ይሠራል። መጀመሪያ ግን አይቲውን «ቢሮ ውስጥ የትኞቹን ክልሎች ነው የምትጠቀሙት? ቅርንጫፎቹስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለተኛ ቅርንጫፍ 73ን ይዞ ከሆነ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መቀየር ያለባችሁ ሦስተኛውን ቁጥር ነው። ሁለተኛውን ነክታችሁ 192.169 ብታደርጉት ከተፈቀደው ክልል ወጥታችኋል። ያ እውነተኛ የኢንተርኔት አድራሻ ነው፤ በዚያ አድራሻ ያሉ ድረ ገጾች ከቤታችሁ አይከፈቱም፣ ምክንያቱንም ለማግኘት ትቸገራላችሁ።

ከመንካታችሁ በፊት

ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙ። በዋይፋይም ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ቢበላሽ ኬብሉ ያድናችኋል። ቪፒኤኑን አጥፉ። ቤት ውስጥ ስብሰባ ላይ ያለ ወይም የመስመር ላይ ትምህርት የሚከታተል ልጅ ካለ ንገሩት፤ ለጥቂት ደቂቃ ኢንተርኔት ይቋረጣል።

ብሮውዘር ላይ `192.168.1.1` ጻፉ፤ ማለትም `Default Gateway` ላይ ያያችሁትን። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ከገባችሁ በኋላ የ`LAN`ን እና የ`DHCP`ን ገጾች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ለካሜራ ወይም ለሌላ ነገር በር የተከፈተበት `Port Forwarding` ካለም አንሱት። ወደ ኋላ መመለስ ቢያስፈልግ ያለ ፎቶ መከራ ነው።

ሁለት ነገር አትንኩ። አንደኛው `WAN` የሚለው ገጽ ነው። የመሥመራችሁ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሁለተኛው ከኋላ በመርፌ የሚጫነው `Reset` ነው። እሱን ስትጫኑ ራውተሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፣ የመሥመሩም መረጃ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ባለሙያ መጥራት ነው። ትዕግሥት ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚጫነው ግን ይህንኑ ነው።

ቅየራው

የገጹ አቀማመጥ በራውተሩ ዓይነት ይለያያል። `Network`፣ `LAN`፣ `LAN Settings` ወይም `LAN Host` የሚል ፈልጉ። እዚያ የራውተሩ የራሱ አድራሻ አለ። የሚቀየረው እንዲህ ነው፦

```
IP Address:   192.168.1.1    ->  192.168.73.1
Subnet Mask:  255.255.255.0  (እንዳለ ይተው)
```

ገና `Save` አትበሉ። በዚያው ገጽ ወደ ታች ብትወርዱ ምናልባት `DHCP` የሚለው ክፍል አለ። ይህ ክፍል ነው ለስልኩም ለላፕቶፑም አድራሻ የሚያድለው። የሚያድለው አድራሻ ከአዲሱ ክልል ካልሆነ ራውተሩ አንድ ሰፈር፣ ዕቃዎቹ ሌላ ሰፈር ይሆናሉ። ስለዚህ እንዲህ አድርጉት፦

```
Start IP:  192.168.73.100
End IP:    192.168.73.199
```

ይህ 100 አድራሻ ይሰጣል፤ ለአንድ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ከ2 እስከ 99 ያሉት ባዶ ይቀመጣሉ። ፕሪንተርና የካሜራ መቅጃ ቋሚ አድራሻ ሲሰጣቸው ከዚያ ይወስዳሉ።

እዚያው `Primary DNS` የሚል ሳጥን ካለ ተመልከቱት። 192.168.1.1 ተጽፎበት ከሆነ 192.168.73.1 አድርጉት። ባዶ ከሆነ ወይም ሌላ የውጭ አድራሻ ካለው ተዉት። ይህችን ሳጥን የረሳ ሰው በኋላ የሚያየው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው 8.8.8.8 አድራሻ ፒንግ ይሄዳል፣ አንድም ድረ ገጽ ግን አይከፈትም። ስልኩና ላፕቶፑ የድረ ገጽ ስም የሚጠይቁት አሁን የሌለውን ራውተር ነው።

አሁን `Save` ወይም `Apply` በሉ።

የ`DHCP` ገጽ ለብቻው ከሆነ ቅደም ተከተሉ ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ ቀይራችሁ አስቀምጡ። አንዳንዱ ራውተር የሚታደለውን ክልል ራሱ አብሮ ይቀይረዋል፣ አንዳንዱ አይቀይረውም። ስለዚህ በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ግቡና የ`DHCP`ን ገጽ በዓይናችሁ እዩ። አልተቀየረ ከሆነ ቀይሩት።

ገጹ ሲጠፋ አትደንግጡ

`Save` ካላችሁ በኋላ ገጹ ይንጠለጠላል። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዚያ አልተገኘም ይላል። ይህ ትክክል ነው። እያነጋገራችሁት የነበረው 192.168.1.1 ከዚህ በኋላ የለም። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ ሊያበራ ይችላል። ከዚያ ላፕቶፑ አዲስ አድራሻ እንዲቀበል ኬብሉን ነቅላችሁ ሰኩ፣ ወይም ይህን ጻፉ፦

```
ipconfig /release
ipconfig /renew
```

አሁን `ipconfig` ስትሉ በ192.168.73 የሚጀምር አድራሻ መምጣት አለበት። ብሮውዘር ላይ `192.168.73.1` ብትጽፉ የራውተሩ ገጽ ይከፈታል። የይለፍ ቃሉ ያው የድሮው ነው። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃልም አልተቀየሩም፤ ስልኮች ዋይፋያቸው ጠፍቶ ሲበራ ራሳቸው ይገባሉ። ቴሌቪዥኑ እምቢ ካለ ከሶኬት ነቅሎ መመለስ ነው።

አሮጌው 192.168.1 አሁንም ከመጣ፣ ወይም በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ፣ ራውተሩ በትክክል እያደለ አይደለም። 169.254 ማለት ላፕቶፑ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ የሰጠው ነው። መውጫው ለላፕቶፑ በእጅ አድራሻ መስጠት ነው። በዊንዶውስ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ የኬብሉን መሥመር ክፈቱና `IPv4` ላይ ይህን ጻፉ፦

```
IP address:       192.168.73.50
Subnet mask:      255.255.255.0
Default gateway:  192.168.73.1
```

አሁን ወደ ራውተሩ መግባት ትችላላችሁ። `DHCP`ውን አስተካክሉ። ስትጨርሱ የላፕቶፑን ቅንብር ወደ `Automatic` መመለስ አትርሱ፤ አለበለዚያ ነገ ላፕቶፑ ቢሮ ሄዶ በኬብል ሲገናኝ ኢንተርኔት አያገኝም።

በእጅ አድራሻ የተሰጣቸው ዕቃዎች

ሥራው የሚረዝመው እዚህ ጋ ነው። ስልክና ላፕቶፕ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ፕሪንተርና የካሜራ መቅጃ ግን ሲገጠሙ ባለሙያው አድራሻ በእጅ ጽፎላቸው ሊሆን ይችላል። እነሱ አሁንም 192.168.1 ላይ ናቸው፤ ማንም አያገኛቸውም።

ፕሪንተሩ ስክሪን ካለው በራሱ ሜኑ ውስጥ አድራሻውን 192.168.73.10 አድርጉት፤ `Gateway`ውንም 192.168.73.1። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ አሮጌውን ፕሪንተር አጥፍታችሁ በአዲሱ አድራሻ ጨምሩት። አሮጌውን ሳያጠፉ መጨመር ሁለት ተመሳሳይ ስም ያመጣል፣ ቤተሰቡም ለሳምንት በማይሠራው ላይ ፕሪንት ሲያደርግ ይሰነብታል።

የካሜራ መቅጃው ከቴሌቪዥን ወይም ከሞኒተር ጋር ከተገናኘ በማውሱ የኔትወርክ ሜኑው ውስጥ መግባት ቀላሉ ነው። ሞኒተር ከሌለው ላፕቶፑን ለጊዜው ወደ አሮጌው ሰፈር መልሱት። በእጅ 192.168.1.50 ስጡት፣ `Default gateway`ውን ባዶ ተዉት፣ ከዚያ የመቅጃውን አሮጌ አድራሻ በብሮውዘር ክፈቱ። በኬብል እዚያው ራውተር ላይ እስካሉ ድረስ ሁለቱ ይነጋገራሉ፤ ራውተሩ መካከል አይገባም። መቅጃውን ወደ 192.168.73.20 ቀይሩት፣ ላፕቶፑንም ወደ `Automatic` መልሱ።

ካሜራውን ከውጭ የምታዩት በ`Port Forwarding` ከሆነ ያ ደንብ አሁንም ወደ አሮጌው አድራሻ ነው የሚልከው። ከፎቶው ላይ እያያችሁ በአዲሱ አድራሻ ጻፉት።

ወደ ቢሮው መመለስ

ቪፒኤኑን አብሩና ያንኑ ፒንግ ድገሙት። የሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ አሁን 192.168.73.100 ነው። 192.168.1.20ን ሲያይ ሦስቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። «እዚህ ቤት የለም» ይልና መንገድ ይፈልጋል። ቪፒኤኑ «192.168.1 በእኔ በኩል ነው» ብሎ መዝግቧል፤ ስለዚህ በእሱ ይሄዳል። ሪሞት ዴስክቶፑ ተከፈተ፣ ፒችትሪም ታየ።

ካልተከፈተ መንገዱ መመዝገቡን እዩ፦

```
route print -4
```

ከዝርዝሩ ውስጥ `192.168.1.0` የሚል መስመር ፈልጉ። ካለና በቪፒኤኑ አድራሻ በኩል ከሆነ በእናንተ በኩል ሥራው አልቋል፤ የቀረው ምናልባት የቢሮው ፋየርዎል ነው። መስመሩ ከሌለ ደግሞ ቪፒኤኑ ራሱን `0.0.0.0` ላይ አስገብቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ያኔ ሁሉም ነገር በእሱ ስለሚያልፍ ለብቻው መመዝገብ አያስፈልገውም። ሁለቱም ከሌሉ የቢሮው ቪፒኤን ያንን ክልል አልሰጣችሁም ማለት ነው። ለአይቲው የምትነግሩት ይህንኑ ነው፦ «ቤቴን 192.168.73 አድርጌዋለሁ፣ ወደ 192.168.1 የሚወስድ መንገድ ግን ቪፒኤኑ አልላከልኝም።» እንዲህ ያለ መልእክት ከ«አልሠራ አለኝ» ይልቅ ቶሎ መልስ ያገኛል።

ሁለተኛ ራውተር ሲኖር

ያው ግጭት ያለ ቪፒኤንም ይመጣል። ዋይፋዩ መኝታ ቤት አልደርስ ሲል ሰው መርካቶ ወይም መገናኛ ወርዶ ሁለተኛ ራውተር ይገዛና ከመጀመሪያው ኬብል ስቦ `WAN` የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሰካዋል። ሁለቱም ከፋብሪካ 192.168.1.1 ከሆኑ ሁለተኛው ከፊቱም ከኋላውም አንድ ዓይነት ክልል ያያል፤ ወዴት እንደሚልክ አያውቅም። አንዳንዱ ራሱን ወደ ሌላ ክልል ይቀይራል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ኢንተርኔት ይከለክላል። መፍትሔው አጭር ነው። የሁለተኛውን ብቻ፣ ኬብሉ ሳይሰካ ገብታችሁ፣ 192.168.74.1 አድርጉት፤ ከዚያ ሰኩት።

ዓላማችሁ ዋይፋይ ማራዘም ብቻ ከሆነ ግን ይህም አያስፈልግም። ለሁለተኛው 192.168.73.2 ስጡት፣ `DHCP`ውን አጥፉ፣ ኬብሉን ከ`WAN` ሳይሆን ከ`LAN` ቀዳዳዎቹ በአንዱ ሰኩ። ያኔ ቤቱ አንድ ኔትወርክ ይሆናል። ሳሎን ያለው ፕሪንተርም ከመኝታ ቤት ይታያል።

ሁለተኛው ራውተር ለአንድ ሌላ ነገርም ይጠቅማል። መሥመሩን የሰጣችሁ ድርጅት ያስገባው ዕቃ የ`LAN`ን ገጽ ለተጠቃሚ ያልከፈተ ከሆነ፣ ወይም የተከራያችሁበት ቤት ራውተር የአከራይ ሆኖ መንካት ካልፈለጋችሁ፣ ርካሽ ራውተር ከኋላው ሰክታችሁ ክልሉን 192.168.73 አድርጉት። ለሥራ የምትጠቀሙበትን ላፕቶፕ ከእሱ ጋር ብቻ አገናኙ። ፊት ያለው 192.168.1 መሆኑ ላፕቶፑን አይመለከተውም፤ የቢሮው ጥያቄ በቪፒኤኑ ተጠቅልሎ ነው የሚያልፈው። የምታጡት ነገር ቢኖር ቪፒኤኑ እስከበራ ድረስ በፊተኛው ራውተር ላይ ያሉ ዕቃዎችን፣ ለምሳሌ የአከራዩን ፕሪንተር፣ ከዚያ ላፕቶፕ አለማግኘታችሁ ነው።

አዲሱን አድራሻ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ራውተሩ ላይ ለጥፉ። ከፋብሪካ የተለጠፈው አሁንም 192.168.1.1 ነው የሚለው፤ የሚመጣው ባለሙያም እሱን አምኖ «አይከፈትም» ይላችኋል። ራውተሩ ከተቀየረ ወይም ወደ ፋብሪካ ከተመለሰ ደግሞ አሮጌው ክልል ይመለሳል። አንድ ቀን ቪፒኤኑ በድንገት እንደ ድሮው ካስቸገረ ቢሮ ከመደወል በፊት `ipconfig` ብላችሁ ሦስተኛውን ቁጥር እዩ።